ኤሌክትሪክ የማያውቅ ኮሚቴ ኤሌክትሪሻን ሲቀጥር፦ ከኮምቦልቻ አንድ የጉዳይ ጥናት

ኮምቦልቻ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ አስተዳደርና ፋይናንስ ላይ እሠራለሁ። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ስንት ናፍጣ እንደሚበላ ብቻ ነው። ታዲያ ፋብሪካው ኤሌክትሪሻን ሲያስፈልገው የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ሆንኩ። ሌሎቹ አባላት ባለቤቱ ሐጂና የወፍጮ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ሐጂ ነጋዴ ናቸው። የወፍጮ ኃላፊው ስንዴን በእጁ ዘግኖ እርጥበቱን የሚነግርህ ሰው ነው፣ ሽቦ ግን አይነካም። ሦስታችንም ስለምንጠይቀው ነገር መልሱን አናውቅም ማለት ነው።

በትናንሽ ከተሞች ያሉ ድርጅቶች ሁልጊዜ የሚገጥማቸው ችግር ነው። ባለሙያ የሚቀጠረው ባለሙያ ስለሌለ ነው። ባለሙያ ከሌለ ደግሞ አመልካቹን ማን ይመዝነው? እዚህ የምጽፈው እኛ እንዴት እንደመዘንን፣ የቱ ጋ እንደሠራልንና የቱ ጋ ሊያስተን እንደነበር ነው።

## የተቃጠለው ሞተር

የቀድሞው ኤሌክትሪሻናችን አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ። መሄዱ ብቻ ቢሆን እንደማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ለጥፈን እንጨርስ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት አንድ ሞተር ሁለት ጊዜ ተቃጥሎብናል። ስንዴውን መጀመሪያ የሚሰብረውን ሮለር የሚያዞረው ባለ 22 ኪሎዋት ሞተር ነው። ሁለቱንም ጊዜ ተጠምጥሞ መጣ፣ ተገጠመ፣ ሠራ። ሁለቱንም ጊዜ ከመቃጠሉ በፊት ምንም ነገር አላቆመውም። ያወቅነው የቃጠሎው ሽታ ሲሸተን ነው። ሞተሩ ሲቆም ደግሞ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ዱቄት የለም፣ ፉርሽካ የለም፣ ሠራተኛው ግን ደመወዙን ይበላል።

ሐጂ ለቅጥር አንድ ጥያቄ አላቸው። «ስንት ዓመት ሠርተሃል?» ይላሉ። መልሱ ከ10 በላይ ከሆነ ፊታቸው ይፈታል። እኔ ደግሞ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴ የግል አስተያየት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀሙ የቅጥር ጥናቶችን እንደገና ሲመረምሩ፣ ለሁሉም አመልካች በአንድ ዓይነት ጥያቄና በአንድ ዓይነት መመዘኛ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ከላይ ወጣ። የሰውን የወደፊት ሥራ አስቀድሞ በማመልከት አቅሙ 0.42 ነው። በሥራ ላይ የቆየበት ዓመት ቁጥር 0.07 ብቻ ነው። 1 ፍጹም፣ 0 ዕጣ እንደማውጣት ነው ብላችሁ አስቡት። ቁጥሩን ለሐጂ ሳሳያቸው «ፈረንጅ የኛን ወፍጮ መች አየው» አሉ። ግን እንድሞክር ፈቀዱልኝ። «አብሽር ልጄ፣ አንተ እንዳልከው ይሁን» አሉ።

## ጥያቄውን ከማን እናምጣ?

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነገር ነበር የታሰበው። የኤሌክትሪክ ጥያቄዎች ከኢንተርኔት አውርዶ መጠየቅ። ይሄን ከለከልኩ። ጥያቄውን ማንበብ ትችላለህ፣ መልሱን ግን መስማት አትችልም። አመልካቹ ከተጻፈው ትንሽ ለየት ያለ ነገር ሲናገር ተሳስቶ ይሁን ወይም ከወረቀቱ በላይ አውቆ ይሁን አትለይም። በዚያ ላይ ወጣቶቹ እነዚያኑ ጥያቄዎች በቃላቸው ያውቋቸዋል።

ያለን ጥሩ ጥያቄ አንድ ነው። የራሳችን ሞተር። እውነተኛ ችግር ነው፣ ኢንተርኔት ላይ የለም፣ መልሱም ለእኛ ያስፈልገናል። የጎደለን የመልስ ቁልፍ ነው። ለዚህ ደሴ ከሚያስተምር አንድ የቴክኒክና ሙያ መምህር ጋር በስልክ ተነጋገርን። ኮሚቴ ውስጥ ግባ አላልነውም። አንድ ሰዓቱን ነው የገዛነው። እኔ ችግሩን እንዳየሁት ነገርኩት፣ እሱ ደግሞ ጥሩ ኤሌክትሪሻን ምን እንደሚመልስ ነገረኝ። እኔ በሚገባኝ አማርኛ እስኪናገር ድረስ አልለቀቅኩትም።

ጥያቄው እንዲህ ሆነ፦ «22 ኪሎዋት ሞተር በዓመት ሁለቴ ተቃጥሏል። አንዴም ኦቨርሎዱ አላቆመውም። ለሁለተኛ ጊዜ ተጠምጥሞ መጥቷል። ከማስነሳትህ በፊት ምን ምን ታያለህ? በምን ቅደም ተከተል?»

የቁልፉ ይዘት ብዙ አልነበረም። ጥሩ አመልካች ሞተሩ ላይ ያለችውን ፕሌት ያነባል። የእኛው በ380 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ 43 አምፔር ይላል። ከዚያ ኦቨርሎድ ሪሌዩ፣ ማለትም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲስብ የሚያቆመው መሣሪያ፣ በዚያ ቁጥር ላይ መስተካከሉን ያያል። ሦስቱም ፌዝ እኩል መምጣቱን በቴስተር ይለካል። ቺንጊያውን አውልቆ ሞተሩንና ሮለሩን ለየብቻ በእጁ ያዞራል። የሚከብድ ከሆነ ኩሽኔታው ነው። ካስነሳ በኋላ ደግሞ በክላምፕ ሜትር የሦስቱንም መስመር ከረንት ለክቶ ከ43 ጋር ያስተያያል። ደካማው መልስ «ሞተሩ አሮጌ ነው፣ ይቀየር» ወይም «መብራት ኃይል ነው» ብሎ የሚያቆም ነው። ወዲያው የሚያስወድቅ መልስም መምህሩ አስቀመጠልን። «ሪሌዩ ካስቸገረ ዳይሬክት አድርጌ አልፈዋለሁ» የሚል ሰው በር ላይ ይሸኝ አለ።

በቁልፉ ላይ እኔ የጨመርኩት ሦስት ተከታይ ጥያቄ ነው። ለእነዚህ ኤሌክትሪክ ማወቅ አያስፈልግም። «እንዴት ታውቃለህ?»፣ «ያ ባይሆንስ ቀጥሎ ምን ታያለህ?» እና «ይሄን ራስህ የገጠመህ የት ነው፣ በምን ለካኸው?» ሥራውን የሠራ ሰው ለእነዚህ ሲመልስ ዕቃ፣ ቁጥርና ቦታ ይወጣዋል። በወሬ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን መልስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል።

ሁለት ሕግ ደግሞ ለኮሚቴው አስቀመጥን። የገባንም ያልገባንም ነገር አመልካቹ ያለውን ቃል በቃል እንጽፋለን። ራስ መነቅነቅ የለም። ይሄ ሁለተኛው ለወፍጮ ኃላፊው ከበደው። ሰው ጥሩ ሲናገር «እህ፣ እህ» ማለት ይወዳል። አመልካች ደግሞ ያንን «እህ» ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሳታውቀው መልሱን ትነግረዋለህ።

## አራቱ ሰዎች

ማስረጃቸው ታይቶ አራት ሰዎች ተጠሩ።

የመጀመሪያው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ በኮምቦልቻ የታወቁ ሰው ናቸው። 15 ዓመት ሠርተዋል። ሐጂ ገና ሲያዩዋቸው ደስ አላቸው። መልሳቸውም ጥሩ ነበር። ኩሽኔታውን አነሱ፣ ቺንጊያው ከመጠን በላይ ሲወጠር ኩሽኔታ እንደሚበላ ነገሩን። የሦስቱን ፌዝ ነገር አልረሱም። ስለ ሪሌዩ ስንጠይቃቸው ቆፍጠን ብለው «ፕሌቱ ያለውን ነው፤ 43 ላይ ታስረዋለህ» አሉ። ቁልፋችን ላይ ያለው ይሄው ነው። ሙሉ ነጥብ።

ሁለተኛው ንግግር ይችላል። በሥነ ሥርዓት ለብሶ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ፓወር ፋክተር»፣ «ሃርሞኒክስ»፣ «ፍላክችዌሽን» ይላል። የወፍጮ ኃላፊው አፉን ከፍቶ ቀረ። መደምደሚያው ችግሩ ከመብራት ኃይል የሚመጣ መዋዠቅ ስለሆነ ለፋብሪካው በሙሉ ስታቢላይዘር ይገዛ የሚል ነው። «እንዴት ታውቃለህ?» አልኩት። «እዚህ አገር ሁሌም እሱ ነው ችግሩ» አለኝ። «ያ ባይሆንስ?» ስለው እንደገና ስለ መዋዠቅ ተናገረ። «በምን ለካኸው?» ስለው ሌላ ድርጅት ውስጥ ስላየው ትልቅ ስታቢላይዘር ነገረኝ። ልጁ ውሸታም አይደለም። ኋላ ስናጣራ ሙያው የሕንፃ ኢንስታሌሽን ነው፣ እሱን ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ሞተር ግን ነክቶ አያውቅም። ያለ ሦስቱ ጥያቄዎች በንግግሩ ብቻ ቢሆን አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር። ሐጂ ራሳቸው «ይሄ ልጅ የተማረ ነው» ብለው ነበር።

ሦስተኛው ከኮሌጅ ገና የወጣ ነው። ሌቨል 4 ጨርሶ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውን አልፏል። ቅደም ተከተሉን እንደ ዳዊት ደገመልን። «ራስህ የገጠመህ የት ነው?» ስንለው «አልገጠመኝም። ወርክሾፕ ውስጥ ትንንሽ ሞተር ላይ ነው የሠራሁት» አለ። ወረቀቴ ላይ ከጎኑ ምልክት አደረግኩ። የማያውቀውን ለይቶ የሚናገር ሰው፣ «አውቃለሁ» ሲልህ ልታምነው ትችላለህ። ሙያውን ለማታውቅ መርማሪ ይሄ ብዙ ዋጋ አለው።

አራተኛው የሐይቅ አካባቢ ልጅ ነው። ብሎኬት ፋብሪካ ሠርቷል፣ ቆቦ ላይ ደግሞ የመስኖ ጉድጓድ ፓምፖችን ሲጠግን ቆይቷል። ድምፁ አይሰማም። ወረቀት ላይ ያለው ማስረጃ ከአራቱም ያንሳል። ጥያቄውን ሳነብለት ዝም አለ። ከዚያ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጠየቀኝ።

«ከፓነሉ ወደ ሞተሩ ስንት ሽቦ ነው የሚሄደው?»

እኔ ምን አውቃለሁ። ወፍጮ ኃላፊውን አየሁት። እሱም አያውቅም።

«ስድስት ከሆነ» አለ ልጁ፣ «ሪሌዩም ከኮንታክተሩ ሥር ካለ፣ 43 ላይ አይታሰርም። 25 ላይ ነው።»

ኮንታክተር ማለት ፓነሉ ውስጥ ሆኖ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን መብራት የሚለቅና የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ወፍጮ ኃላፊው ሳቅ አለ። ሐጂ ወደኔ ዞር ብለው በዓይናቸው «ይሄ ደግሞ ምን ይላል» አሉኝ። ቁልፉ 43 ይላል። አንጋፋው ሰው 43 ብለዋል። ይሄኛው 25። በቁልፉ መሠረት በዚያ ጥያቄ ላይ ዜሮ ነው። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ግን ቃሉንም እንዳለ ጻፍኩት፤ «ስድስት ሽቦ፣ ከኮንታክተሩ ሥር፣ 25»። «እንዴት ታውቃለህ?» ስለው «ቆቦ ላይ አንድ ፓምፕ በዚህ ምክንያት ተቃጥሎ አይቻለሁ። በክላምፕ ለክቼ ነው የገባኝ» አለ።

## 43 ወይስ 25?

ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ለሌላ ሰው ንገር ብባል ይሄንን ነው የምናገረው። ሙያውን የማያውቅ ሰው ማን እንደተሳሳተ መለየት አይችልም። ሁለት አመልካቾች የት ላይ እንደማይስማሙ ግን በደንብ ማየት ይችላል። ያቺን ነጥብ ይዞ ወደ ባለሙያ መሄድ ይችላል። የአንድ ሰዓት ስልክ የሚበቃው ለዚህ ነው። «አመልካቾቹን ገምግምልኝ» ስትለው ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ያስፈልግሃል። «አንዱ 43 አለ፣ አንዱ ስድስት ሽቦ ከሆነ 25 አለ፣ ለምን?» ስትለው አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ለዚህ ደግሞ ለሁሉም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል መጠየቅ ግድ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ 43 እና 25 ፊት ለፊት አይገናኙም ነበር።

ደሴ ደወልኩ። መምህሩ ትንሽ ዝም አለና «ፓነሉን እኮ አላየሁትም» አለ። «ስታር ዴልታ ነው እንዴ? ኮንታክተሩ ስንት ነው?» ሄጄ በሩን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ ምንም ሳልነካ። ሦስት ናቸው። ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽቦም ስድስት ነው። መምህሩ «እንግዲያው ልጁ ልክ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ሞተር ሲነሳ በጣም ብዙ ከረንት ስለሚስብ መጀመሪያ በስታር ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ወደ ዴልታ ይዞራል። ይሄን ለማድረግ ነው ሦስት ኮንታክተርና ስድስት ሽቦ የሚያስፈልገው። በዴልታ ሲሠራ ዋናው መስመር 43 አምፔር ቢስብ፣ ከስድስቱ ሽቦ በእያንዳንዱ የሚያልፈው የዚያ 58 በመቶ ያህል ነው። 43 በ0.58 ሲባዛ 25 ይሆናል። ስለዚህ ሪሌዩ ዋናው መስመር ላይ ካለ 43 ልክ ነው። ከዋናው ኮንታክተር ሥር፣ ወደ ሞተሩ በሚሄዱት ሽቦዎች ላይ ካለ ልኩ 25 ነው። የእኛ ከሥር ነው፣ የታሰረው ግን 43 ላይ ነበር።

ሒሳቡ ላይ እኔም እጅ አለኝና ወደ ኋላ አሰላሁት። በዚያ ቦታ 43 ላይ የታሰረ ሪሌይ ሞተሩን ማቆም የሚያስበው ዋናው መስመር 74 አምፔር ሲያልፍ ነው። ሞተሩ የሚችለው 43። በመካከሉ ባለው ልዩነት ሞተሩ 55 ወይም 60 እየሳበ፣ ማንም ሳያቆመው፣ ቀስ ብሎ ይጠበሳል። የሆነውም ይሄ ነው።

ቁልፉ በራሱ ጉድለት ነበረበት ማለት ነው። ባለሙያ በስልክ የሚሰጥህ ቁልፍ በተነገረው ልክ ነው። ቁልፉን እንደ ፈተና ማረሚያ ብቻ የሚያይ ሰው ከቁልፉ የሚበልጠውን አመልካች ይጥላል። ከሁሉም በላይ ማጣራት ያለብህ ከቁልፉ ውጭ የሆነ ግን ዝርዝርና ምክንያት ያለው መልስ ስትሰማ ነው። የሁለተኛው ልጅ ስታቢላይዘርም ከቁልፉ ውጭ ነበር፣ ግን ሊታይ የሚችል ነገር አልነበረበትም። «ስድስት ሽቦ» ግን ሄደህ የምትቆጥረው ነገር ነው።

## በእጅ የሚታየው

ለመጨረሻው ዙር አንጋፋውን ሰውና አራተኛውን ጠራናቸው። መምህሩ በዚህ ቀን ከደሴ ወረደ። የባለሙያ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቂት ሰው ሲቀርና እጅ ሲታይ። ለሁለቱም የተሰጠው ሥራ አንድ ነው። ሞተሩ እየሠራ ነው። አጥፉት፣ የሽቦዎቹን መታሰር አረጋግጡ፣ አስነሱት፣ ከረንቱን ለኩ፣ ያያችሁትን ንገሩን። መምህሩ ሥራውን ይመዝናል። እኔ የማየው ደግሞ ሌላ ነው።

አንጋፋው ሰው ፈጣን ናቸው። ማብሪያውን አጠፉ፣ ፓነሉን ከፈቱ፣ ወዲያው እጃቸው ገባ። ጠበቅ ጠበቅ አደረጉ። አስነሱ፣ ዋናው መስመር ላይ ክላምፑን አገቡ፣ 41 አነበበ። «ጤነኛ ነው» አሉ። ልክ ናቸው፣ ከ43 በታች ነው። ሪሌዩን አይተው አለፉት፤ 43 ላይ ነዋ።

አራተኛው መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፍቶ ቁልፍ ጠየቀ። ቁልፍ ሰጠነው፣ ቆለፈበት፣ መክፈቻውን ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቴስተሩን መብራት እንዳለበት በሚያውቀው ቦታ ላይ ሞከረ። ይሠራል። ከዚያ የጠፋው ላይ ለካ። ዜሮ። ከዚያ እንደገና መብራት ያለበት ላይ ሞከረ። ለምን ሦስቴ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ቴስተሩ መሃል ላይ ሞቶ ዜሮ ቢለኝስ?» አለ። ይሄን ለማየት ኤሌክትሪሻን መሆን አያስፈልግም። እጁን ከማስገባቱ በፊት የሚያደርገውን ማየት ብቻ ነው።

አስነስቶ ዋናው መስመር ላይ ለካ። 41። ከዚያ ክላምፑን አንስቶ በሪሌዩ ውስጥ ወደሚያልፈው ሽቦ ወሰደው። 24 አነበበ። ምንም አልተናገረም፣ ጣቱን ብቻ ሪሌዩ ላይ ወዳለችው ቁጥር ጠቆመ። 43 ትላለች። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩና «እንዲህ ከሆነማ መቼም አይቆምም» አሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም።

አንጋፋውን ሰው በአክብሮት ጠየቅናቸው። «እኔ ሁሌ በፕሌቱ ነው የማስረው» አሉ። የሠሩባቸውን ቦታዎች ስንዘረዝር አብዛኞቹ በቀጥታ የሚነሱ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው፤ እህል ወፍጮ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ የውኃ ፓምፕ። እዚያ ሁልጊዜ ልክ ነበሩ። 15 ዓመቱ እውነተኛ ነው፣ ግን በሌላ ዓይነት ሞተር ላይ ነው ያለፈው። ሐጂ ዓመት ሲጠይቁ አሁን «በምን ላይ?» የሚል ጨምረውበታል። ከእኔ ቁጥር ይልቅ ይቺ 24 አሳመነቻቸው።

የአራተኛውን ልጅ የቀድሞ አሠሪዎች ስናጣራ «ጥሩ ሠራተኛ ነው?» ብለን አልጠየቅንም። እንዲህ ብለህ ብትጠይቅ በወሎ «ኧረ በጣም ጨዋ ልጅ» ከሚል በቀር ሌላ መልስ የሚሰጥህ የለም። የጠየቅነው «ሌላው ሰው አቅቶት እሱ ያገኘው ብልሽት አለ? ምን ነበር?» ብለን ነው። የቆቦው ሰው ያንኑ የፓምፕ ታሪክ ነገረን፣ 25 የምትለዋ ቁጥር ብቻ ለሌላ መጠን ሞተር ስለነበር ትለያለች።

## ከተቀጠረ በኋላ

አራተኛው ተቀጠረ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱን ሙሉውን ተጠቀምንበት። ሦስተኛውንም ልጅ ሐጂ ራሳቸው «ያንን አላውቅም ያለውን ልጅ ረዳት አድርጉልኝ» ብለው አስገቡት።

ሪሌዩ ወደ 25 ወረደ። በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኑ ሌሊት ላይ ደጋግሞ ቆመ። የሌሊት ሺፍቱ አጉረመረመ። «የድሮው ሰው እያለ መቼ ቆሞ ያውቃል፣ አዲሱ ልጅ ነው ያበላሸው» ተባለ። ወፍጮ ኃላፊው ቁጥሯን ወደ 43 እንመልሳት ብሎ መጣ። ሙያውን የማያውቅ ኃላፊ ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ውጤቱ ለጊዜው የባሰ ይመስላል። ልጁ ለሐጂ «ሐጂ፣ ሪሌዩ ሞተሩን የገደለ አይደለም። ተኝቶ የነበረ ዘበኛ ነው፣ አሁን ነቅቶ እየጮኸ ነው። ሌባውን ልፈልግ» አላቸው። ቺንጊያውን አውልቆ ሮለሩን በእጁ አዞረው፣ ከበደው። በአንዱ ጎን ያለው የሮለሩ ኩሽኔታ ተበልቷል። ሲቀየር ማሽኑ ሌሊቱን ሳይቆም ማደር ጀመረ። ኩሽኔታ ለመጥቀስ አንጋፋው ሰው ቀዳሚ እንደነበሩ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ዘዴው ያላሳየን ነገርም አለ። ልጁ መጻፍ አይወድም። ምን እንደጠገነ፣ ምን ዕቃ እንደቀየረ መዝገብ ላይ አያሰፍርም። ጥያቄያችን ውስጥ መዝገብ የሚባል ነገር ስላልነበረ በቃለ መጠይቁ አልታየም። አሁን መዝገቡን የሚጽፈው ረዳቱ ነው። ሌላው ደግሞ ሦስቱ ተከታይ ጥያቄዎች ተራኪ ሰውን ይጠቅማሉ። ያየውን በዝርዝር መናገር የማይችል፣ ግን እጁ የሚያውቅ ባለሙያ ሊያመልጠን ይችላል። አራተኛው ልጅ ራሱ በድምፁ ብቻ ቢመዘን ኖሮ ለመጨረሻው ዙር አይደርስም ነበር፤ ያደረሰው ወረቀቱ ላይ ያደረው ቃሉ ነው።

አሁን የዱቄት ጥራት የሚመረምር የላቦራቶሪ ሠራተኛ ልንቀጥር ነው። ስለ ግሉተን ከኤሌክትሪክ የበለጠ አናውቅም። የጥያቄ ወረቀቱ ያው ነው፣ በአንድ ነገር ይለያል። ከነጥቡ ጎን «ቁልፉ ላይ የሌለ መልስ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምረንበታል። እዚያ የተጻፈው ሁሉ ነጥብ ከመደመሩ በፊት ለባለሙያው በስልክ ይነበባል።